የልገሳ ገጽ ርዕስና መግለጫ፦ የሁለት ረቂቆች ንጽጽር
በጅማ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተር የሚያቀርብ አንድ ማኅበር በጎግል ፍለጋ ላይ ለሚታየው የልገሳ ገጹ ርዕስና መግለጫ ሁለት ረቂቆች ቀርበውለት ነበር። የመጀመሪያው ርዕስ «ዛሬውኑ ይለግሱ፤ ሕይወት ይቀይሩ!» የሚል ሲሆን፣ መግለጫውም «ትንሽ ስጦታዎ ተአምር ይሠራል» ይላል። ሁለተኛው «በጅማ ለተማሪዎች ደብተር ይለግሱ» ብሎ የማኅበሩን ስም ያስከትላል፤ መግለጫው ደግሞ «500 ብር ለአንድ ተማሪ የዓመቱን ደብተር ይገዛል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገብን ነን፤ የኦዲት ሪፖርታችንን ከገጹ ያንብቡ» ይላል።

እኔ ሁለተኛውን ያለማመንታት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ማንኛውም አጭበርባሪ ቃል በቃል ሊጽፈው ይችላል፣ በሁለተኛው ግን ለጋሹ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ምዝገባውን ጠይቆና ሪፖርቱን ከፍቶ ማረጋገጥ ይችላል። ይህ የሚሠራው ሪፖርቱ በእርግጥ በገጹ ላይ ካለ ብቻ ነው፤ የተባለውን ፈልጎ ያጣ ጎብኚ ምንም ቃል ካልተገባለት ይልቅ ይጠራጠራል። የደብተር ዋጋም ስለሚለዋወጥ የብሩ መጠን በየዓመቱ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት መታደስ አለበት። ረጅም መግለጫ በስልክ ላይ ስለሚቆረጥ የብሩ መጠንና ምዝገባው ይቅደሙ። ጎግል የተዘጋጀውን መግለጫ ትቶ ከገጹ ሌላ ዓረፍተ ነገር ሊያሳይ ስለሚችልም፣ እነዚሁ ቃላት በገጹ መግቢያ ላይ ጭምር ሊጻፉ ይገባል።