ታንክ፣ የፊት መብራት ወይስ ማርሚታ? መለዋወጫ ከመግዛት በፊት የትኛው ፎቶ ይታመናል

የሞተር ሳይክል መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚልከው ፎቶ የታንኩን ነው፤ ስሙ ጎላ ብሎ የተጻፈው እዚያ ላይ ስለሆነ። ከሦስቱ ፎቶዎች ስለ ሞተሩ ትንሹን የሚናገረው ግን ይኸው ታንክ ነው።

ታንክ በጥቂት ብሎንና ጎማ የተያዘ ዕቃ ነው፤ ይነሳል፣ ይቀየራል፣ ይቀባል። አርማውም ተለጣፊ ነው። ስለዚህ የታንክ ፎቶ በደንብ የሚያገለግለው ታንኩን ራሱን፣ ክዳኑን ወይም የነዳጅ ቧንቧውን ለመግዛት ነው። ለዚያም ቢሆን ከጎን የተነሳው ብቻ አይበቃም፤ ክዳኑ ከላይ፣ ቧንቧው የሚታሰርበት ቦታ ደግሞ ከሥር መታየት አለባቸው። ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም የተጠጋጋ ነው። የባጃጅ ፋብሪካ ሞተር ሳይክል የሆነው ቦክሰር 150 ትክክለኛ መጠኑ 144.8 ሲሲ ነው። "150" የሚለውን አንብቦ ሌላ ፋብሪካ ለሠራው 150 የተዘጋጀ ፒስተን ማዘዝ ከዚህ የሚመጣ ስህተት ነው።

የፊት መብራት ከታንኩ እምብዛም አይሻልም። መስታወቱ ላይ ስታንሊ ወይም ኮይቶ የሚል ካያችሁ ያ የመብራቱ አምራች ስም እንጂ የሞተር ሳይክሉ አይደለም። ክብ ውስጥ ያለው የኢ ፊደልና ቁጥሩም ማረጋገጫውን የሰጠውን አገር ያመለክታሉ፤ ኢ4 ኔዘርላንድስ፣ ኢ11 እንግሊዝ ነው። ሞተር ሳይክሉ የት እንደተሠራ አይነግሩንም። ክብ መብራት ያላቸው በጣም ብዙ ናቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላውም በቀላሉ ይዛወራል።

አምፖል ለመግዛት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ የመብራቱ ጀርባ ፎቶ ያስፈልጋል። ኤች4 እና ኤችኤስ1 ሲያዩዋቸው መንትያ ይመስላሉ። የመጀመሪያው 60/55 ዋት፣ ሁለተኛው 35/35 ዋት ይስባል። ለ35 ዋት የተሠራ ቤት ውስጥ ኤች4 በግድ ካስገቡ የትንሽ ሞተር ጀነሬተር አይችለውም፤ ብርሃኑ በዝግታ ሲነዱ ይደበዝዛል፣ ሶኬቱና አንጸባራቂው በሙቀት ይጎዳሉ። ስለዚህ በአሮጌው አምፖል ቆርቆሮ ላይ የተመታውን ጽሑፍ አንስቶ መላክ ይሻላል።

ማርሚታ ከሦስቱ የተሻለው ነው፤ ግን ለብቻው አይደለም፣ ከሞተሩ ጋር ከተነሳ ነው። ቧንቧው ከቴስታታው ከወጣ በኋላ መሃሉ ላይ እየሰፋ ሄዶ መልሶ የሚጠብ ትልቅ ሆድ ካለው ባለ ሁለት ምት ነው። ወጥ ሆኖ ሄዶ ጫፉ ላይ ማፈኛ ብቻ ካለው ባብዛኛው ባለ አራት ምት ነው። የፋብሪካው ኦርጅናል ከሆነ ደግሞ አካሉ ላይ የተመታ ኮድ ይፈለጋል። ሆንዳ በመለዋወጫ ቁጥሩ መሃል ሦስት ፊደል ያለው የሞዴል ኮድ አለው፣ ማርሚታው ላይም ብዙ ጊዜ ይመታል፤ ያማሃ የሞዴል ኮዱን የቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያደርጋል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረግ አድርጎ መብራት ከጎን ማብራት ፊደሉን ያወጣዋል፤ ፊት ለፊት የሚያበራ ፍላሽ ግን ያጠፋዋል።

የቧንቧው ውፍረትና የጫፎቹ ብዛት ሲሲ አይናገሩም። ጫፉ ሁለት ስለሆነ ሲሊንደሩ ሁለት ነው ማለት አይደለም። ከቴስታታው የሚወጡትን ቧንቧዎች መቁጠርም አንዳንዴ ያሳስታል፤ ያማሃ ኤክስቲ600 አንድ ሲሊንደር ሆኖ ሁለት ቧንቧ ያወጣል።

አሁን አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው እንከተል። ሦስት ፎቶ መጥቷል፦ ታንኩ ላይ "125" የሚል ተለጣፊ፣ ክብ መብራት፣ በቀኝ በኩል አንድ ማርሚታ። የተጠየቀው ፒስተንና ፋሻ ነው። በዚህ መልክ የሚመጡት ሁለቱ የተለመዱ ቤተሰቦች የሆንዳ ሲጂ125ና የሱዙኪ ጂኤን125 ዓይነት ሞተሮች ናቸው፤ ሁለቱም በብዙ ስም ተቀድተው ተሠርተዋል። ታንክና መብራት አይለዩአቸውም። የሚለያቸው የሲሊንደሩ ጀርባ ነው። ጂኤን ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በካቴና ስለሆነ፣ ከካርቡሬተሩ በታች ሲሊንደሩ ላይ በብሎን የታሰረ የካቴና መወጠሪያ ይታያል። ሲጂ በዘንግ ስለሚሠራ ያ ዕቃ የለውም። ስለዚህ አራተኛው ፎቶ ከኋላ በኩል፣ ካርቡሬተሩና ሲሊንደሩ አብረው የሚታዩበት መሆን አለበት።

መወጠሪያው የለም እንበል፤ ሲጂ ነው። ግን 125 ወይስ 150? እዚህ ላይ ፎቶ ይደክማል፤ የሁለቱ ውጫዊ ቅርጽ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የፒስተን ጉዞው በሁለቱም 49.5 ሚሊሜትር ስለሆነ በካንዴላ ቀዳዳ ሽቦ አስገብቶ መለካትም ምንም አይለይም። ልዩነቱ የሲሊንደሩ ስፋት ላይ ብቻ ነው፤ በ125 56.5፣ በ150 62 ሚሊሜትር ነው። ሲሲው እንዲህ ይወጣል፦

```
0.7854 × 56.5 × 56.5 × 49.5 ÷ 1000 = 124.1
0.7854 × 62 × 62 × 49.5 ÷ 1000 = 149.4
```

ቀጣዩ መረጃ ሞተሩ አካል ላይ፣ ብዙ ጊዜ በግራ በታች በኩል የተመታው ኮድ ነው። `156FMI` ካለ አንድ ሲሊንደር፣ 56 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 125 ክፍል ማለት ነው። `162FMJ` ደግሞ 62 ሚሊሜትርና 150 ነው። `157FMI` ሆኖ መወጠሪያ ካለው ወደ ጂኤን ቤተሰብ ያመራል።

ይህም ቢሆን የሚነግረን ፋብሪካው ያወጣውን ነው። ጉዞው አንድ ስለሆነ በ125 ሞተር ላይ የ150 ሲሊንደር የሚጭኑ አሉ፤ ኮዱ ሳይለወጥ ውስጡ ይለወጣል። ስለዚህ ፒስተን፣ ፋሻና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከፍቶ ከመለካት በፊት አይገዙም። የካሊፐሩን የውስጥ መንጋጋ ከሲሊንደሩ አፍ 1 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ማድረግ 56.5ን ከ62 ለመለየት ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን ካሊፐርንም ያታልላል። ሲጂ125 ሲሊንደሩ በማሽን እንዲሰፋ ተደርጎ ሁለተኛውን ትርፍ መጠን፣ ማለትም 0.50፣ ከወሰደ ስፋቱ 57.0 ይሆናል። ጂኤን125 ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣ 57 ነው። ልኬቱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው በትክክል የሚገባ የጂኤን ፒስተን ይዞ ይመለሳል፤ የፒኑ ልክና የፒስተኑ አናት ግን የሌላ ሞተር ናቸው። ስለዚህ ከልኬቱ ጋር የአሮጌውን ፒስተን አናት ፎቶ መላክ ያስፈልጋል። ካርቦኑ ሲጠረግ "50" ወይም "0.50" የሚል ከታየ ሲሊንደሩ የሰፋ ሲጂ ነው፤ ምንም ከሌለ ፒኑን አውጥቶ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን መግጠም ነው።

ለፍሬን ሸራ፣ ለካቴና ወይም ለፊት መብራት ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። እዚያ የሞተሩ መጠን አይጠየቅም፤ የአሮጌው ዕቃ ፎቶ ከጎኑ መለኪያ ተቀምጦ ከተነሳ ከታንኩ ስም ይበልጣል።