የትዕዛዝ ደብተራችንን ወደ ኮምፒውተር ላሻገረችልን ልጅ

ደሴ ውስጥ ሶፋና አልጋ እንሠራለን። ትዕዛዝ የምንመዘግበው በሁለት ደብተር ነበር፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ወርክሾፕ። አሁን ኮምፒውተር ላይ ነን። ያሻገረችንን ልጅ በአደባባይ ላመሰግናት ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ደብተሮቹን አነበበች። "የድሮውን ሁሉ አናስገባም" አለችን። ዕቃው ተወስዶ ሂሳቡ ያለቀው እዚያው ደብተር ላይ ይቅር፣ የሚሻገረው ያልተረከበ ወይም ቀሪ ክፍያ ያለበት ትዕዛዝ ብቻ ነው። ሥራው ወዲያው ቀለለ።

ከባዱ ማጽዳቱ ነበር። ደሴ ውስጥ መሐመድ የሚባል ደንበኛ ስንት እንደሆነ አስቡት! እኛ ደግሞ አንዱን ሰው አንዴ መሐመድ፣ አንዴ ሙሀመድ ብለን ጽፈነዋል። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ ደንበኛን የምንለየው በስልክ ቁጥር ሆነ። ኤክሴል የስልኩን መነሻ 0 እንዳይበላው ዓምዱን አስቀድማ ወደ ጽሑፍ ቀየረችው።

ቀኑም እንደዚሁ። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ስንጽፍ ኤክሴል የካቲት 30 የሚባል የፈረንጅ ቀን ስለማያውቅ ቀን አድርጎ አይቀበለውም። ሌላውን ደግሞ ዝም ብሎ በፈረንጅ ይቆጥረዋል። ይሄኛው ይብሳል፤ ስህተቱ አይታይማ። እሷ 2017-02-30 እያለች፣ ዓመቱን አስቀድማ፣ በጽሑፍ መልክ አስገባችው። ጳጉሜንም 13 ብሎ ቦታውን ይዞ ይሰለፋል።

ከዚያ ዝርዝሩን አትማ ለዋናው አናጢያችን አነበበችለት። አንዱ ጋ ሲደርስ "ቆይ፣ ይሄ አልጋ አንድ ነው" አለ። ሱቁ ደብተር ላይ ዋጋ 18,000፣ ቀብድ 8,000 ተብሎ ተጽፏል። ወርክሾፑ ላይ ደግሞ ያው አልጋ በልኩ ብቻ፣ ያለ ስም ተመዝግቧል። ሁለቱም ቢገቡ ማንም ያላዘዘው አልጋ እንሠራ ነበር። ቀሪው 10,000 መሆኑን ደንበኛው ጋ ደውላ አረጋገጠች።

መሻገሪያውን ጥር ላይ እናድርገው ስንል እንቢ አለች። ሰርግ የሚበዛበት ወር ነው፣ ሱቁ ይጨናነቃል። ዐቢይ ጾምን መረጠች። እሁድ፣ ሱቅ ዝግ በሆነበት ቀን፣ ደብተሮቹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመረች። ከመስመሩ በታች ማንም አይጽፍም፤ ሰኞ ጠዋት የመጣ ትዕዛዝ ኮምፒውተር ላይ ብቻ። "ትንሽ ጊዜ ሁለቱንም እንያዝ" ብዬ ነበር። "ሁለቱም ላይ ከጻፋችሁ ሲለያዩ የትኛውን ታምናላችሁ?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ቁጥር የታተመበት ትንሽ ጥራዝ አለን፤ እዚያ የተጻፈው ማታውኑ በዚያው ቁጥር ይገባል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቸኩላችሁ ከሆነ አትስማማችሁም። ያልገባትን ሳትጠይቅ አታልፍም፣ እናንተም አጠገቧ ካልተቀመጣችሁ አትጀምርም። ዋጋዋ ግን ተመጣጣኝ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ትሠራለች። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።