ድምፅ እየሰሙ ለሚጽፉ፦ ባለ ሦስት መርገጫ ፔዳል ይሻላል ወይስ ባለ አንድ?

የምድር ባቡር ጡረተኞችን ቃለ መጠይቅ ወይም የሐረር አዛውንቶችን ትረካ እየሰማ ለሚጽፍ ሰው ሁለት ዓይነት የእግር ፔዳል ይቀርብለታል። ልዩነታቸው ከዋጋው ይልቅ በአረጋገጡ ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራው፣ ለምሳሌ ኢንፊኒቲ የሚባለው፣ ሦስት መርገጫ አለው። መካከለኛው ያጫውታል፤ የግራና የቀኙ ድምፁን ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወስዳሉ። መካከለኛውን እስከተጫኑ ድረስ ድምፁ ይሄዳል፤ እግርዎን ሲያነሱ ይቆማል። ርካሹን ባለ አንድ መርገጫ ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እንደ ኪቦርድ ነው። በተረገጠ ቁጥር አንድ ቁልፍ ይልካል፤ አንዴ ሲረግጡት ድምፁ ይጀምራል፣ ሲደግሙት ይቆማል።

ጡረተኛው «ከድሬዳዋ ተነስተን አዋሽ እስክንደርስ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም» አሉ እንበል። በባለ ሦስቱ «አዋሽ» እስኪሉ ተጭነው ይሰሙና እግርዎን ያነሳሉ። ኤክስፕረስ ስክራይብ በተባለው ፕሮግራም ላይ ድምፁ በቆመ ቁጥር ሁለት ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ እንዲመለስ አስቀድመው ካዘዙ፣ እንደገና ሲረግጡ «ተነስተን አዋሽ» የሚለውን ደግመው ሰምተው ይቀጥላሉ። የአየር ማራገቢያ ጩኸት የዋጠው ቃል ሲያጋጥም ግራውን መያዝ ነው፤ እጅ ከፊደሉ አይነሳም። አማርኛ ስንጽፍ ለብዙው ፊደል ሁለት ጊዜ መምታት ስላለብን፣ እጅ በተነሳ ቁጥር የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም።

በባለ አንዱ ወደ ኋላ የሚመልሰው እጅ ነው። ሌላው ችግር እግር ሳት ብሎ ሁለቴ ሲረግጥ ነው፤ ቆሟል ያሉት ድምፅ እየሄደ ይጠብቅዎታል። ከፋብሪካ አንድ ፊደል እንዲልክ ተደርጎ ከመጣ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ሲረግጡት ጽሑፉ መካከል «ብ» ወይም «ፕ» ጣል ያደርጋል። መፍትሔው ከፔዳሉ ጋር በሚመጣው ፕሮግራም ቁልፉን መቀየር ነው። ኦትራንስክራይብ በሚባለው ድረ ገጽ ለሚጽፍ Esc ይስማማዋል፤ እዚያ ድምፁን የሚያስጀምረውም የሚያቆመውም እሱ ነው።

አልፎ አልፎ አጭር ቅጂ ለሚጽፍ ባለ አንዱ ይበቃዋል። ሰዓታት የሚፈጅ ቅጂ በየጊዜው ለሚቀበል ግን ያለማመንታት ባለ ሦስቱን እላለሁ።

የድሬዳዋ ቤቶች ሴራሚክ ወለል ላይ ቀላሉ ፔዳል ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ ያስፈልገዋል። ያገለገለ ከሆነ ሶኬቱን ይመልከቱ፤ የድሮዎቹ ክብ ወይም ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ስለሆነ ላፕቶፕ ላይ አይገባም። ዩኤስቢ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሰክተው መካከለኛውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙት። ሳያነሱት ድምፁ ከተቆራረጠ የውስጥ ማብሪያው አልቋል።