ብስክሌቱ ጥርት፣ ዳራው ብዥ፦ ፎቶሾፕ ይሻላል፣ አፊኒቲ ወይስ ጊምፕ?

ብስክሌተኛ በፈጣን ሹተር፣ ለምሳሌ በ1/1000 ሴኮንድ፣ ስታነሱ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል። ችግሩም እሱ ነው። ብስክሌቱ የቆመ ይመስላል። ምርጡ መላ ሹተሩን ወደ 1/30 አውርዶ ካሜራውን ከብስክሌቱ ጋር እያዞሩ ማንሳት ነው። ይህ ሳንቲም አያስወጣም። ፎቶው አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን ያለው አማራጭ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ብስክሌቱን ከዳራው መለየት፣ ከዚያም ዳራውን ብቻ በጉዞው አቅጣጫ ብዥ ማድረግ ነው።

ለዚህ ሥራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርጠው ፎቶሾፕን፣ አፊኒቲን እና ጊምፕን ነው። ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። ብዥታው ራሱ በሦስቱም ውስጥ ያው ነው። ገንዘብ ከከፈላችሁ የምትከፍሉት ለሌላ ነገር ነው፤ ብስክሌቱን ቶሎ ቆርጦ ለማውጣትና ጎማውን አሳምሮ ለማሽከርከር።

ስለ ዋጋው

ፎቶሾፕ አይሸጥም፣ ይከራያል። ለፎቶ አንሺዎች የተዘጋጀው ጥቅል በወር 20 ዶላር ገደማ ነው፤ በዓመት 240 መሆኑ ነው። የዓመት ውል ገብታችሁ በየወሩ የምትከፍሉ ከሆነ በመሃል ማቋረጥ ቅጣት እንዳለው አትርሱ። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ከዋጋው በፊት የሚመጣው ጥያቄ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ሰው ይህ ራስ ምታት የለም።

አፊኒቲ ድሮ አንዴ ተከፍሎበት የሚያዝ ፕሮግራም ነበር። ካንቫ በ2024 ገዛው፤ በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ በነጻ ለቀቀው። የካንቫ አካውንት መክፈት ግን ግድ ነው። ጊምፕ ድሮም ዛሬም ነጻ ነው፣ አካውንትም አይጠይቅም።

ቆርጦ ማውጣት

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። እሁድ ጠዋት፣ መንገድ ለሰው ቀን፣ መስቀል አደባባይ። ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ከግራ ወደ ቀኝ ትነዳለች። ከጎን ነው የተነሳችው። በፎቶው ላይ የአንዱ ጎማ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 600 ፒክስል ነው።

ፎቶሾፕ ውስጥ `Select Subject` ስትጫኑ ልጅቷንና ብስክሌቷን አንድ ላይ ይይዝላችኋል። ሰውነቷ፣ ሄልሜቷ፣ ቦርሳዋ ጥሩ ይወጣሉ። ሦስት ቦታ ላይ ግን ይሳሳታል፤ በፍሬሙ ውስጥ ያለው ሦስት ማዕዘን ክፍተት፣ በክንዷና በመሪው መካከል ያለው ቀዳዳ፣ እና በጎማው ሽቦዎች መካከል ያለው ቦታ። እነዚህን በእጅ ማጽዳት አለባችሁ። የፍሬሙን ክፍተት ከረሳችሁት ዳራው ሁሉ ተጎትቶ ሳለ እዚያች ሦስት ማዕዘን ውስጥ ብቻ የአስፋልቱ ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ተመልካች ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር እንደተበላሸ ይገባዋል።

አፊኒቲ ውስጥ የመምረጫ ብሩሹን እየጎተታችሁ ትመርጡና `Refine` ላይ ጠርዙን ታስተካክላላችሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ውጤቱ ግን አያሳፍርም። ጊምፕ ውስጥ `Foreground Select` አለ። ውስጡን በግምት ትቀባላችሁ፣ ቀሪውን ራሱ ይለያል። ለፀጉር ጥሩ ነው። ለብስክሌት ቱቦ ግን እኔ `Paths` የተባለውን መሣሪያ እመርጣለሁ። ቱቦ ቀጥ ያለ ነገር ነውና በነጥብና በመስመር መክበብ ከማንኛውም አውቶማቲክ መንገድ የጠራ ጠርዝ ይሰጣል።

በየትኛውም ብትሠሩ ምርጫውን አንድ ፒክስል ወደ ውስጥ አጥብቡትና ጠርዙን አንድ ፒክስል ያህል አለስልሱት። ካልሆነ የድሮው ዳራ ቀለም እንደ ነጭ ክር ልጅቷን ይከባታል። ፎቶሾፕ ይህን የሚያጸዳ `Decontaminate Colors` የሚል ቁልፍ አለው። ጊምፕ ላይ በብሩሽ እየነካካችሁ ነው የምታጠፉት።

ከሥር የቀረችውን ልጅ ማጥፋት

ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው። ልጅቷን ቀድቶ ላይኛው ሌየር ላይ ያስቀምጣል፣ የታችኛውን ብዥ ያደርጋል፣ ተጨረሰ ይላል። ግን ታችኛው ሌየር ላይም ልጅቷ አለች። ብዥታው 150 ፒክስል ርዝመት ካለው የቀይ ሹራቧ ቀለም ከፊቷም ከኋላዋም ወደ 75 ፒክስል ይፈሳል። በዙሪያዋ ቀይ ጭጋግ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከብዥታው በፊት እሷን ከታችኛው ሌየር ላይ ማጥፋትና ቦታዋን በአስፋልትና በሕንፃ መሙላት ያስፈልጋል። ባዶ ቀዳዳም አትተዉ፤ ብዥታው ባዶውን ጎትቶ ጠርዙን ያሳሳዋል። ፎቶሾፕ `Content-Aware Fill` አለው፣ አፊኒቲ `Inpainting Brush` አለው። ጊምፕ ከሳጥኑ ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ወይ ሪሲንተሳይዘር የሚባለውን ተጨማሪ ለያዛችሁት ቅጂ የሚሆን ፈልጋችሁ ትጭናላችሁ፣ ወይ በክሎን ብሩሽ ትሞላላችሁ።

ፎቶሾፕ እዚህ ይበልጣል የሚል ግምገማ ካነበባችሁ እውነት ነው። ለዚህ ሥራ ግን ብልጫው ብዙም አይጠቅማችሁም። የሞላችሁት ቦታ ወዲያው 150 ፒክስል ወደ ጎን ይጎተታል። ጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ይጠፋል። የሚቀረው ብርሃንና ቀለም ብቻ ነው። ከግራና ከቀኝ ካለው ጋር በድምቀት ከተስማማ በክሎን ብሩሽ በችኮላ የተለጠፈ አስፋልት እንኳ ያልፋል።

የጎማዎቹ ጥላ ግን ከብስክሌቱ ጋር ነው የሚሄደው። ከዳራው ጋር ጎትታችሁ ካጠፋችሁት ብስክሌቱ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ጥላውን ከልጅቷ ጋር ቁረጡት፣ ወይም ከብዥታው በኋላ በጥቁር ለስላሳ ብሩሽ መልሳችሁ ሳሉት።

ምን ያህል ብዥታ?

ፎቶሾፕ `Motion Blur` ይለዋል፣ ጊምፕ `Linear Motion Blur`፣ አፊኒቲም `Motion Blur`። ሦስቱም አቅጣጫና ርዝመት ይጠይቃሉ። አቅጣጫው የመንገዱ ነው። መንገዱ ሽቅብ ከሆነ ብዥታውም ሽቅብ ያዘንብላል።

ርዝመቱን በዓይን ከመገመት ማስላት ይሻላል። የመንገድ ብስክሌት ጎማ ስፋት 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ ፎቶ ያ 600 ፒክስል ሆኗል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በሴኮንድ 5 ሜትር ይጓዛል፤ በ1/30 ሴኮንድ ውስጥ ደግሞ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይህ ወደ 150 ፒክስል ይመጣል። 150ዋ የመጣችው ከዚህ ነው። 500 ብታደርጉት ልጅቷ የሞተር ሳይክል ፍጥነት ይኖራታል፣ ፊቷ ላይ ግን የእሁድ ሽርሽር ነው የሚነበበው። በተንሸራታቹ ላይ ያለው ቁጥር በየፕሮግራሙ አንድ ዓይነት ትርጉም ላይኖረው ስለሚችል ዳራው ላይ ያለች አንዲት ብርሃን ነጥብ ስንት ፒክስል እንደተጎተተች ለኩ።

ፎቶሾፕ ውስጥ ምስሉን መጀመሪያ `Smart Object` ካደረጋችሁት ቁጥሩን በፈለጋችሁ ጊዜ ትቀይራላችሁ። አፊኒቲም በ`Live Filter` ይህን ይፈቅዳል። ጊምፕ ከ3.0 ወዲህ፣ ማለትም ከ2025 ጀምሮ፣ ማጣሪያውን ከሌየሩ ጋር ሳይቀላቅል ያቆየዋል። የቆየ ቅጂ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ አድሱት።

ጎማው

ዳራው ተጎትቶ የጎማው ሽቦዎች አንድ በአንድ ከተቆጠሩ ፎቶው ውሸት ነው። መሬት ላይ ሳይንሸራተት የሚሽከረከር ጎማ ጠርዙ የሚዞርበት ርቀትና ብስክሌቱ የተጓዘበት ርቀት እኩል ነው። ስለዚህ የዳራው ብዥታ ርዝመት ለጎማው ግማሽ ስፋት ተካፍሎ በ57 ሲባዛ የሚሽከረከርበትን ዲግሪ ይሰጣችኋል፦

```
150 ÷ 300 × 57 ≈ 29°
```

ባለ 32 ሽቦ ጎማ ላይ በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለው 11 ዲግሪ ብቻ ነው። በ29 ዲግሪ ሽቦዎቹ ተዋህደው ስስ ጭጋግ ይሆናሉ። ይህ ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መቁረጥ ቀረላችሁ። ቸርኬውንና ጎማውን በጥንቃቄ ቁረጡ። በውስጥ ያለውን ክብ ለብቻው አሽከርክሩት፣ ከዚያ የተጎተተው ዳራ በውስጡ እንዲታይ ግልጽነቱን ወደ 40 በመቶ አውርዱት። ፍሬሙና ሹካው ግን ከዚህ በላይ ጥርት ብለው መቀመጥ አለባቸው። እግሯ ፔዳል ላይ ከሆነ ጫማዋን 40 ፒክስል ያህል ነካ አድርጉት። ፔዳል ከጎማ ይልቅ በዝግታ ነው የሚዞረው።

አሁን ፎቶሾፕ ዋጋውን የሚያስመልስበት ቦታ ላይ ደረስን። `Spin Blur` ጎማው ላይ የሚቀመጥ ክብ ይሰጣችኋል፤ ያንን ክብ ሞላላ አድርጋችሁ ማዘንበል ትችላላችሁ። ዲግሪውም በቁጥር ይገባል። የጊምፕ `Circular Motion Blur` እና የአፊኒቲ `Radial Blur` የሚያውቁት ድፍን ክብ ብቻ ነው። ከቀጥታ ጎን ለተነሳች ልጅ ይበቃሉ። ብስክሌቱ በሰያፍ ከመጣ ግን ጎማው ሞላላ ነው። ያኔ ጎማውን ዘርግታችሁ ክብ ታደርጉታላችሁ፣ ታሽከረክራላችሁ፣ መልሳችሁ ትጨፈልቃላችሁ። ይሠራል፣ ያሰለቻል። መንገዱ የሚታጠፍ ከሆነም ፎቶሾፕ ብዥታውን በኩርባ የሚስብ `Path Blur` አለው።

ስልክስ?

ስናፕሲድ ላይ ያለው `Lens Blur` አቅጣጫ የለውም፤ ለዚህ አይሆንም። የጉግል ፒክስል ስልኮች ከፒክስል 6 (2021) ጀምሮ `Action Pan` አላቸው። ብስክሌተኛውን ለይቶ ዳራውን ራሱ ይጎትተዋል። ግን በምታነሱበት ሰዓት ብቻ ነው፤ የድሮ ፎቶ ላይ አይሠራም። ለዚህ ብሎ ስልክ መቀየር አይመከርም።

እኔ ብሆን

በዓመት ጥቂት ፎቶ፣ ሁሉም ከጎን፦ አፊኒቲ። አካውንት የማይወድ፣ ወይም ሊኑክስ የሚጠቀም፦ ጊምፕ። ውድድር እየቀረጸ ለደንበኛ በብዛት የሚያስረክብ፣ በሰያፍና በኩርባ ላይ የሚያነሳ፦ ፎቶሾፕ። ከመክፈላችሁ በፊት የሰባት ቀን ነጻ ሙከራው ላይ ጎማው ሞላላ ሆኖ የወጣበትን ፎቶ ሞክሩ። ያንኑ ፎቶ በአፊኒቲም ሠርታችሁ የፈጀባችሁን ሰዓት አወዳድሩት። ልዩነቱ በወር 20 ዶላር የሚያወጣ ካልሆነ ካርዱን አታውጡ።