«ወጣም ወረደ ታተርፋላችሁ» ብሎ ኦፕሽን ከሚያስገዛችሁ ሰው ተጠንቀቁ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ሐሙስ ማታ፣ ነሐሴ 22 ቀን ነው። ፈረንጆቹ ኦገስት 28፣ 2025 ይሉታል። ንዴቴ ገና አልበረደም። ትላንት 3,300 ዶላር አስገባሁ፣ ዛሬ ጠዋት 1,560 ዶላር ይዤ ወጣሁ። ገበያ ነውና ገንዘብ ይጠፋል፤ እሱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ያስገዛን ሰው ራሱ ያንኑ ነገር ሸጦ መቀመጡን በዓይኔ ማየቴን ነው።

ሰውዬውን ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። የቴሌግራም ግሩፕ አለው። በወር 99 ዶላር ይቀበላል። «ከትራክ ውረዱ፣ ኡበር ይብቃችሁ» ይላል። አባላቱ «ኮች» ነው የምንለው። አብዛኞቻችን እዚህ አሜሪካ በፈረቃ የምንሠራ ሰዎች ነን።

የዚህ ሳምንት ጥሪው ኤንቪዲያ ነበር። ኩባንያው ረቡዕ ገበያ ከተዘጋ በኋላ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ያወጣል። ኮች የሰጠን መመሪያ አርብ የሚያበቃውን የ182.5 ዶላር ኮል እና የ182.5 ዶላር ፑት አንድ ላይ እንድንገዛ ነው። ኦፕሽን ማለት እስከ አንድ ቀን ድረስ ስቶኩን በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ነው፤ ኮሉ ስቶኩ ከ182.5 በላይ ሲወጣ ይከፍላል፣ ፑቱ ከዚያ በታች ሲወርድ ይከፍላል። «ወጣም ወረደ ታተርፋላችሁ፣ አቅጣጫ መገመት ቀረ» አለን። ማስረጃ ብሎም በሜይ 2023 ስቶኩ ከሪፖርት ማግስት በአንድ ቀን 24 በመቶ የዘለለበትን ቻርት አሳየን። ቻርቱ እውነት ነው። ከዚያ ሪፖርት በፊት ኮልና ፑት አንድ ላይ የገዛ ሰው አትርፏል።

ያላሳየን ዋጋውን ነው። ረቡዕ ገበያው ሊዘጋ ሲል ስቶኩ 181 ዶላር ተኩል አካባቢ ነበር። ኮሉ 5 ዶላር ከ5 ሳንቲም፣ ፑቱ 5 ዶላር ከ95 ሳንቲም። ሁለቱ ሲደመሩ 11 ዶላር። አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ስለሆነ አንዱ ጥንድ 1,100 ዶላር ይፈጃል። ሦስት ጥንድ ገዛሁ። እስከ አርብ ብይዘው ገንዘቤን ለመመለስ ብቻ ስቶኩ ወይ ከ193.5 በላይ መውጣት፣ ወይ ከ171.5 በታች መውረድ ነበረበት። «ወጣም ወረደ» ማለት ለካ 6 በመቶ ከወጣ ወይም ከወረደ ማለት ነው።

አንዲት አባል፣ ዕድሜያቸው ከእናቴ የማያንስ፣ ረቡዕ ገበያው ከመዘጋቱ በፊት ጥሩ ጥያቄ ጠይቀው ነበር። «እዚህ ስልኬ ላይ አይቪ 100 ይላል፣ ሌላኛው ኤችቪ ደግሞ 30 እንኳ አይሞላም። ይሄ ውድ ነው ማለት አይደለም ወይ?» አሉት። የመለሰላቸውን አልረሳውም። «እትዬ፣ አይቪ ከፍ ሲል ስቶኩ ሊዘል ነው ማለት ነው። ይሄ የዕቁብ ዕጣ አይደለም፣ የማያውቁትን አይጠይቁ።» አንዳንዱ ሳቀ። እሳቸው ዝም አሉ። ትክክል ግን እሳቸው ነበሩ።

ነገሩን በደንብ ላስረዳ፣ ማንም ሰው ዳግመኛ በዚህ እንዳይሸማቀቅ።

ኤችቪ ማለት ያለፈው ታሪክ ነው። ስቶኩ ባለፉት ሳምንታት በየቀኑ ስንት በመቶ እንደተንቀሳቀሰ ተለክቶ በዓመት ሒሳብ ሲቀመጥ የሚወጣው ቁጥር ነው። ወደ ቀን ለመመለስ ለ16 ማካፈል ይበቃል። ዓመቱ 252 ያህል የገበያ ቀን አለው፣ 16 የሱ ስኩዌር ሩት ነው። 30ን ለ16 ስናካፍል ከ2 በመቶ ትንሽ ያንሳል። ኤንቪዲያ በዚያ ወር በአብዛኛው ቀን ከዚህ በላይ አልተላወሰም።

አይቪ ግን ማንም የለካው ነገር አይደለም። ከኦፕሽኑ ዋጋ ተነስቶ ወደኋላ የሚሰላ ነው። ሰዎች 11 ዶላር ከከፈሉ ኮምፒዩተሩ «ይሄን ዋጋ የሚያስከፍል እንቅስቃሴ ስንት ነው?» ብሎ ይፈልግና 100 ይላል። ስለዚህ የአይቪ ከፍ ማለት ዋጋው ከፍ አለ ከማለት ሌላ ምንም አይነግራችሁም። ስቶኩ ሊዘል መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም።

ዋጋው ለምን አበጠ? የሪፖርቱ ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ሁሉም ሰው በዚያች ሌሊት አንድ ነገር ሊፈጠር እንደሚችል ያውቃል። ኦፕሽን የሚሸጠው ሰው ስቶኩ እንደ 2023ቱ 24 በመቶ ቢዘል የሚጎዳው እሱ ስለሆነ ለዚያች ሌሊት ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቃል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ የሥራው ጠባይ ነው። ኤችቪ ያለፉትን ተራ ቀናት ብቻ ስለሚያይ የነገዋን ሌሊት አያውቃትም። ሁለቱ ቁጥሮች የሚራራቁትም ለዚህ ነው። የፌዴራል ሪዘርቭ ስብሰባም ሆነ የመድኃኒት ፈቃድ ውሳኔ ቀን ሲቃረብ የሚሆነው ይኸው ነው።

አሁን የእኔን 11 ዶላር ልበትነው። ሪፖርት የሚባል ነገር ባይኖር፣ ስቶኩ በቀን 2 በመቶ ገደማ የሚንቀሳቀስ ቢሆን፣ ለሐሙስና ለአርብ ብቻ የሚቆይ እንዲህ ያለ ጥንድ ወደ 4 ዶላር ይሸጥ ነበር። ስለዚህ 7ቱ ዶላር የከፈልኩት ለአንዲት ሌሊት ነው። ሌሊቱ ሲያልፍ፣ ምንም ይፈጠር ምን፣ ያ 7 ዶላር ከዋጋው ውስጥ ይወጣል። የሚካሰው ስቶኩ በእርግጥ ርቆ ከሄደ ብቻ ነው።

ሪፖርቱ ወጣ። ገቢው 46.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ጥሩ ነው። የዳታ ሴንተሩ ገቢ ግን ከተጠበቀው ትንሽ ጎደል አለ። ስቶኩ ረቡዕ 181.60 ላይ ዘግቶ ሐሙስ 180.17 ላይ ዘጋ። አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። ጠዋት ልክ ገበያው እንደተከፈተ ስልኬን ሳይ ጥንዱ 5 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሆኗል። ስቶኩ ባለበት ቆሞ ከገንዘቤ ከግማሽ በላዩ ሄዷል። አይቪውም ከ100 ወደ 40 ገደማ ወርዷል። ሸጥኩና ወጣሁ።

እስከዚህ ድረስ ተናድጄም ቢሆን ዝም እል ነበር። ዝም የማያሰኘው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ጠዋት 9:30 ላይ ኮች እንደ ልማዱ ላይቭ ገባ። ሰው ሁሉ «ምን ተፈጠረ?» እያለ ይጽፋል። «ተረጋጉ፣ እስከ አርብ ያዙት፣ ይዘላል» አለና ቻርት ሊያሳየን ስክሪኑን ሼር አደረገ። የከፈተው ግን ቻርቱን ሳይሆን የራሱን አካውንት ነበር። እንዲህ ይላል፦

```
NVDA 29 AUG 25 182.5 C   -10
NVDA 29 AUG 25 182.5 P   -10
```

ከ10ሩ ፊት ያለችውን ሰረዝ አያችሁ? ሸጧል ማለት ነው። እኛን ያስገዛንን ያንኑ ኮልና ያንኑ ፑት፣ ያንኑ ዋጋና ያንኑ ቀን፣ አሥር አሥር ኮንትራት ሸጦ ተቀምጧል። ከጎኑ ያለው የትርፍ ቁጥር አረንጓዴ ነበር። እኔ በከፈልኩት ዋጋ ሸጦ ከሆነ በዚያች ደቂቃ 5,800 ዶላር አትርፏል። ለእኛ ቀጥታ የሸጠልን እሱ ነው እያልኩ አይደለም፤ ገበያው ትልቅ ነው፣ ከወዲያ ማዶ ማን እንዳለ አይታወቅም። ግን አይቪው ያበጠ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። አውቆ ራሱ ሸጠ። አውቆ እኛን አስገዛን። ጥያቄ የጠየቁትን እናት ደግሞ አሸማቀቀ።

ወዲያው ስክሪኑን ዘጋው። «ኮች፣ ማይነሷ ምንድን ናት? አንተ ሸጠህ ነው ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። አነበበው። ድምፁን ሳይቀይር «ሔጅ ነው፣ ሒሳቡ ለእናንተ ከባድ ነው» አለ። ሔጅ የሚባለው የያዝከው ነገር ሲጎዳህ የሚሸፍንልህ ነው። በስክሪኑ ላይ በኤንቪዲያ ሌላ የያዘው ነገር አልነበረም፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያየሁት። እሱኑ መልሼ ስጽፍ ከግሩፑ አስወጥቶኝ አገኘሁት። የወሩ 99 ዶላርም አብሮ ቀረ።

እነዚያ እናት በኋላ በግል ጻፉልኝ። አምስት ጥንድ ገዝተው ነበር። ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ለልጆቻቸው የሚልኩት ገንዘብ ነበር። «ያዙት» ስላላቸው እስካሁን ይዘውታል። ነገ አርብ ነው፣ ያበቃል። እኔ ያልኳቸው ሒሳቡን ነው፤ ለመመለስ ስቶኩ በአንድ ቀን ወይ ከ193.5 ማለፍ ወይ ከ171.5 መውረድ አለበት። ውሳኔው የሳቸው ነው።

ምክር ካስፈለገ አጭር ነው። ከሪፖርት በፊት ኦፕሽን ግዙ ከተባላችሁ ስቶኩ አሁን ባለበት ዋጋ ያለውን ኮልና ፑት ደምሩና ለስቶኩ ዋጋ አካፍሉት። ኦፕሽኑ እስኪያበቃ ድረስ ገበያው የተመነው እንቅስቃሴ እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ ይሄዳል ብላችሁ የምታምኑበት ምክንያት ከሌላችሁ አትግዙ። የዚህን ሳምንት አይቪ ሁለት ወር ከሚቆየው ኦፕሽን አይቪ ጋርም አስተያዩት። የቅርቡ ከሩቁ እጥፍ ሆኖ ካገኛችሁት ዋጋው ውስጥ ያለው ያቺው ሌሊት ናት።

ሰውዬው አሁንም ሥራ ላይ ነው። ብሮድኮም ሴፕቴምበር 4 ሪፖርት ያወጣል፣ ጥሪውም ከወዲሁ ለአባላቱ ተልኳል፦ ኮልና ፑት አንድ ላይ፣ ወጣም ወረደ። ለዘመድ ወዳጅ አስተላልፉ። ግሩፑ ውስጥ ያላችሁም ከመግዛታችሁ በፊት ራሱ የያዘውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።