ሻጩ በነፃ የሚሰጣችሁን የአማርኛ ትርጉም አምናችሁ እንዳትፈርሙ

ሰላም ወገኖች። ይህን የምጽፈው ማሽን በዱቤ ልትገዙ ላሰባችሁ ሁሉ ነው። በተለይ ውሉ በእንግሊዝኛ ሆኖ «አማርኛውንም አዘጋጅተንላችኋል» የተባላችሁ ካላችሁ፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ይችን አንብቡልኝ። እኔና እህቴ ልንፈርም የቀረን አንድ ቀን ነበር።

እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለችን። ምድጃችን አርጅቷል፣ ሊጡንም እስካሁን በእጅ ነው የምናቦካው። አንድ አስመጪ ምድጃና ሊጥ ማቡኪያ አንድ ላይ በ2,400,000 ብር አቀረበልን። 30 በመቶውን፣ ማለትም 720,000 ብር ቅድሚያ እንከፍላለን። የቀረውን 1,680,000 ብር ደግሞ በ24 ወር፣ በየወሩ 70,000 ብር። ዋጋው ከሌሎቹ ቀነስ ይላል። ለማስያዣ 50,000 ብር ከፈልንና ውሉን ተቀበልን። 38 ገጽ እንግሊዝኛ፣ ከጎኑ ደግሞ አማርኛው።

የሽያጭ ሠራተኛው በጣም ትሁት ሰው ነው። «ትርጉሙን በነፃ ሠርተንላችኋል፣ እናንተ አንድ ተርጓሚ ጋ ሄዳችሁ ማህተም ብቻ አስመቱበት» አለን። እውነት ለመናገር ደስ አለን። የ38 ገጽ ትርጉም ቀላል ወጪ አይደለማ።

መናኸሪያው አካባቢ ፎቶ ኮፒና ትርጉም አብረው የሚሠሩባቸው ቤቶች አሉ። የመጀመሪያው ቤት ሳያነብ ሊመታልን ዝግጁ ነበር። ሁለተኛው ቤት ያገኘናት ግን ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ወጣት ልጅ ናት። ወረቀቱን አገላበጠችና «ጋሼ፣ ያላመሳከርኩት ላይ ስሜን አላስቀምጥም» አለችኝ። እኔ ፊደል እንድታርም ብቻ ነበር የፈለግሁት። እሷ ግን ማረምና ማመሳከር እንደሚለያዩ አስረዳችኝ። አማርኛውን ብቻ ይዞ የሚያርም ሰው የፊደል ግድፈትና የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ያገኛል። ጥሩ አማርኛ ሆኖ ሌላ ነገር የሚል ዓረፍተ ነገር ግን በፊቱ ያልፈዋል፣ ምክንያቱም ምንም አይጎረብጥም። ይህን የሚያገኘው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ብቻ ነው። ለሁለት ቀን ሥራ ተስማማን። እህቴ ገንዘቡ ቆጭቷት ነበር።

የሠራችውን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ራሳችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁና። መጀመሪያ የውሉን ሆድ አልነካችም። ወደ አንቀጽ 1 ሄደች፣ የቃላት ትርጓሜ ወደሚለው። ብዙ ረጃጅም ውሎች ቃላቸውን እዚያ ላይ ይፈቱና ቀጥሎ ያንኑ ቃል ደጋግመው ይጠቀማሉ። «የውሉ ዋጋ» ማለት ሙሉው 2,400,000 ብር ነው ይላል። «ወርሃዊ ክፍያ» ማለት ደግሞ 70,000ው። ልጅቷ እነዚህን ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት ረድፍ ጻፈቻቸው፣ እንግሊዝኛውን በአንድ በኩል፣ አማርኛውን በሌላ በኩል። ከዚያ እያንዳንዱ ቃል በሁለቱም ሰነድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በኮምፒውተር ቆጠረች።

አማርኛ ላይ ይህ ቆጠራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የውሉ ዋጋ» ብላችሁ ብትፈልጉ «በውሉ ዋጋ» እና «ከውሉ ዋጋ» አይመጡላችሁም፣ መነሻው ፊደል ይለያያልና። ስለዚህ እሷ «ውሉ ዋጋ» ብላ ነው የፈለገችው። «ዕቃ» የሚለውንም በ«ዕ» አንድ ጊዜ፣ በ«እ» ሌላ ጊዜ ፈለገችው። የተረጎመው ሰው ሁለቱንም እያቀላቀለ ጽፎት ነበር።

የውሉ ዋጋ በእንግሊዝኛው 14 ቦታ አለ። በአማርኛው 11 ቦታ። ሦስቱ የት ሄዱ?

እነሱን ለማግኘት የተጠቀመችበት መንገድ ገርሞኛል። አማርኛውን ለእኔ ሰጠችኝ። እሷ እንግሊዝኛውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አደረገች። «ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡልኝ፣ ቁጥር ሲመጣ ቀስ ይበሉ» አለች። እኔ ሳነብ እሷ በእርሳስ ጫፍ እያንዳንዱን ቃል ትነካለች፣ ማስመሪያው አንድ መስመር ይወርዳል። ዝም ብሎ ያነበበውን ጽሑፍ ዓይን እየዘለለ ይሄዳል አለችኝ፣ ጆሮ ግን የቀረውን ይሰማል። ሁለቱ የጎደሉ ቦታዎች ላይ ተርጓሚው «ይኸው ዋጋ» ብሎ ስለነበር ችግር የለውም ብላ አለፈቻቸው። አንቀጽ 17.4 ላይ ስንደርስ እርሳሱ ቆመ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይችን እንደገና ያንብቡልኝ።»

አነበብኩላት። «ገዥው ክፍያውን በወቅቱ ካልፈጸመ፣ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን የክፍያውን 0.1 በመቶ መቀጫ ይከፍላል።»

«የየትኛውን ክፍያ ይመስልዎታል?»

«የወሩን ነዋ። የዘገየውን።»

«እንግሊዝኛው እንደዚያ አይልም። የጠቅላላውን የውል ዋጋ ነው የሚለው።»

መጀመሪያ ልዩነቱ አልገባኝም። ወረቀት ላይ ሠራችልኝ። አማርኛውን ይዘን ከሄድን የ70,000 ብር 0.1 በመቶ በቀን 70 ብር ነው። አንድ ወር ብንዘገይ 2,100 ብር። ይህን ማንም ይችለዋል። በእንግሊዝኛው ከሆነ ግን የ2,400,000 ብር 0.1 በመቶ በቀን 2,400 ብር ነው። አንድ ወር ብንዘገይ 72,000 ብር። መቀጫው ከወርሃዊው ክፍያ በለጠ ማለት ነው።

በእኛ ሥራ ደግሞ መዘግየት ብርቅ አይደለም። ዱቄት ሲወደድ፣ መብራት ሲጠፋ፣ በዱቤ የሚወስዱን ሆቴሎች ሲያዘገዩብን አሥር ቀን ምንም ማለት አይደለም። በየወሩ አሥር አሥር ቀን ብንዘገይ በአማርኛው ስሌት በሁለት ዓመት 16,800 ብር እንቀጣለን። በእንግሊዝኛው 576,000 ብር። እህቴ ቁጥሩን ስታይ ቁጭ አለች።

ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ልጅቷ ስትነግረኝ፣ ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። እንግሊዝኛ ውል ውስጥ አንቀጽ 1 ላይ የተፈታ ቃል አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። አንባቢው ያንን ሲያይ «ይህ ቃል ፍቺ አለው፣ ተመልሼ ልየው» ይላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለት የተለያዩ ቃላትን አንድ ቦታ ላይ «ክፍያው» ብሎ ሲያጠቃልላቸው የሚያስጠነቅቅ ምንም ምልክት አይቀርም። ዓረፍተ ነገሩም ያምራል። ሆን ተብሎ ይሁን በችኮላ እኔ አላውቅም፣ እሷም አልፈረደችም።

እኔ ግን አንድ ነገር ተስፋ አድርጌ ነበር። «እኛ የምንፈርመው አማርኛውንም ነው። ፍርድ ቤት ብንደርስ አማርኛው አይበልጥም እንዴ?» አልኳት። ብዙ ሰው እንደዚህ ያስባል። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ የፌዴራል ሕግ ላይ እውነት ነው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987። ያ ግን ስለ ሕግ ነው። ሁለት ሰዎች የሚዋዋሉት ውል ላይ ራሳቸው የተስማሙበት ነው የሚታየው። ልጅቷ ገጽ 38ን ገልጣ አሳየችኝ። የመጨረሻው አንቀጽ አማርኛው ለግንዛቤ ብቻ የቀረበ መሆኑን፣ ልዩነት ቢኖር እንግሊዝኛው ተፈጻሚ እንደሚሆን ይናገራል። ይህ አንቀጽ በትክክል ተተርጉሟል። እኔ ነኝ እዚያ ድረስ ያላነበብኩት።

እሷ «እኔ ተርጓሚ ነኝ፣ ስለ ፍርዱ ጠበቃ ይጠይቁ» አለችኝ። ጠየቅን። ጠበቃውም የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1731 አነሳልን። በአግባቡ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው። ከፈረማችሁ በኋላ «አልገባኝም ነበር» ብሎ መከራከር ረጅም መንገድ ነው አለን።

በማግስቱ ሁለቱን ወረቀት ይዤ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ሠራተኛው አየና «አይ፣ የትርጉም ስህተት ነው፣ አሁኑኑ እናስተካክለዋለን» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አዲስ ወረቀት አመጣልኝ። ያስተካከሉት አማርኛውን ነው! አሁን አማርኛውም «የውሉን ጠቅላላ ዋጋ 0.1 በመቶ» ይላል። እንግሊዝኛው ይቀየርልኝ፣ መቀጫው በዘገየው ክፍያ ላይ ይሁን ብዬ ለመንኩት። ውሉ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ነው፣ አይነካም አለኝ። ስለዚህ «እናስተካክላለን» ስትባሉ የትኛውን እንደሚያስተካክሉ ጠይቁ። የሚያስረው እንግሊዝኛው እስከሆነ ድረስ አማርኛውን ማሳመር ለእናንተ ምንም አይጨምርም።

አልፈረምንም። የማስያዣው 50,000 ብር ግን እነሱ ጋ ነው። ደረሰኙ ላይ «ለማስያዣ» ይላል እንጂ ይመለሳል ወይም አይመለስም የሚል ነገር የለም። «አይመለስም» የሚሉት በቃል ነው። ውሉን ሳናይ ገንዘብ መስጠታችን ትልቁ ስህተታችን ነበር፣ ይህንን እናንተ አትድገሙት። መጀመሪያ ውሉን ጠይቁ፣ ወስዳችሁ አስመሳክሩ፣ ከዚያ ነው ብር የሚወጣው።

ለማመሳከሩ የከፈልነው በእንግሊዝኛው ስሌት የሁለት ቀን መቀጫ እንኳ አይሞላም። እህቴ አሁን ለሚጠይቃት ሁሉ የልጅቷን ቤት ታሳያለች።

እንዲህ ያለ ውል እጃችሁ ላይ ካለ ዛሬ ማታ ሁለት ቦታ ግለጡ። አንደኛው «የዘገየ ክፍያ» ወይም «መቀጫ» የሚለው አንቀጽ ነው። በመቶኛው የምን በመቶኛ እንደሆነ፣ በቀን ይሁን በወር ይሁን በዓመት፣ በእንግሊዝኛው ላይ በጣታችሁ እየተከተላችሁ እዩት፣ ካልቻላችሁ የሚችል ሰው አስነብቡ። ሁለተኛው የመጨረሻው ገጽ ነው፣ የትኛው ቋንቋ እንደሚበልጥ የሚናገረው። የፈረማችሁ ካላችሁም አንድ ቀን እንኳ ሳትዘገዩ ክፈሉ፣ ደረሰኛችሁንም አስቀምጡ። እኔ ሰኞ ስለ 50,000ው ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ጠበቃውም አብሮኝ ይመጣል።