ስካን የተደረገ ዲፕሎማን ለመመርመር የትኛው መሣሪያ ይሻላል? Forensically፣ FotoForensics እና Amped Authenticate

አንድ ዲፕሎማ በ300 ዲፒአይ ስካን ተደርጎ በጄፔግ ፋይል ቀርቧል እንበል። አማካይ ውጤቱ 3.41 ይላል፤ የመጀመሪያው አኃዝ ግን ቀድሞ 2 እንደነበር ይጠረጠራል። አስመሳዩ በምስል ማስተካከያ ፕሮግራም አሮጌውን አኃዝ በነጭ ቀለም ሸፍኖ፣ ከሌላ መስመር የቀዳውን 3 ጥቂት አስፍቶ በላዩ ለጥፏል። ለግዢ የሚታሰቡትን ሦስት መሣሪያዎች የማወዳድረው በዚህ አንድ ሰነድ ላይ ነው።

Forensically በነጻ የሚሠራ ሲሆን፣ ምስሉን የሚመረምረው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ስለሆነ ፋይሉ ከኮምፒውተሩ አይወጣም። መታወቂያና ዲፕሎማ የሰው የግል መረጃ በመሆናቸው ይህ ብቻውን ትልቅ ብልጫ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው `Noise Analysis` የተባለው ክፍሉ ነው። በስካን ላይ ባዶ የሚመስል ወረቀት እንኳ ወጥ ነጭ አይደለም፤ ኖይዝ የሚባለው ስካነሩ በዘፈቀደ የሚፈጥረው መዋዠቅና የወረቀቱ ቃጫ ስለሚቀላቀሉ የፒክስሎቹ ዋጋ 247፣ 250፣ 248 እያለ ይዋዥቃል። በብሩሽ የተሸፈነው ቦታ ግን ከዳር እስከ ዳር 250 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኖይዝ ካርታው ላይ በዙሪያው ነጠብጣብ ሲታይ፣ ከ3 ጀርባ ያለው ትንሽ አራት ማዕዘን ጥቁርና ጭር ብሎ ይቀራል። ይሁን እንጂ ፋይሉ በዝቅተኛ ጥራት ከተጨመቀ፣ ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ክፍሎች እየከፈለ ደቃቁን ዝርዝር ስለሚያጠፋ የሁሉም ቦታ ጀርባ ጭር ይላል። ስካነሩ ነጩን ሁሉ ወደ 255 ሲገፋውም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። እንዲህ ባለ ፋይል ላይ ካርታው ምንም አላሳየም ማለት ሰነዱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

FotoForensics የሚታወቀው `ELA` በተባለው ዘዴ ነው፤ ምስሉን በታወቀ የጄፔግ ጥራት እንደገና አስቀምጦ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል። በጽሑፍ ሰነድ ላይ ይህ ዘዴ በቀላሉ ያሳስታል፤ የጥቁር ፊደል ጠርዝ በነጭ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ስለሚደምቅ፣ ያልለመደ ሰው ገጹን በሙሉ የተለጠፈ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ተገቢው አሠራር አጠራጣሪውን 3 በዚያው መስመር ካሉት፣ መጠናቸውና ቀለማቸው ከእሱ ጋር ከሚመሳሰል አኃዞች ጋር ብቻ ማነጻጸር ነው። ፋይሉ ከማስተካከያው በኋላ ደጋግሞ ተቀምጦ ከሆነ ግን ልዩነቱ ይደበዝዛል። ከዚህም በላይ ምስሉ ወደ ሌላ ሰርቨር ስለሚጫን፣ በእኔ እምነት የሰው መታወቂያ ለሁሉም ክፍት ወደሆነው ገጹ ሊላክ አይገባም።

Amped Authenticate የሚከፈልበት ሲሆን፣ ከሁለቱ የሚለየው የሪሳምፕሊንግ ዱካ፣ ማለትም ምስል ሲሰፋ፣ ሲጠብ ወይም ሲሽከረከር ፒክስሎቹ እንደገና ሲሰሉ የሚቀረውን ምልክት፣ የሚፈልጉ ማጣሪያዎች ስላሉት ነው። አኃዙ በ25 በመቶ ሲሰፋ አራት ፒክስሎች አምስት ይሆናሉ፤ አዲሶቹ ከጎረቤቶቻቸው የሚሰሉ በመሆናቸው በየአምስት ፒክስሉ የሚደጋገም ዝምድና ይፈጠራል፤ ድግግሞሽን ለይቶ በሚያሳየው የፉሪየር ካርታ ላይም ነጠላ ብሩህ ነጥቦች ሆኖ ይወጣል። ችግሩ በ300 ዲፒአይ የ10 ነጥብ ፊደል ከ42 ፒክስል ያልበለጠ ቁመት ስላለው፣ አንድ አኃዝ ብቻውን ለአስተማማኝ ስሌት እጅግ ጠባብ መሆኑ ነው። ሙሉ ስም ወይም ፎቶ ተለጥፎ ቢሆን ዕድሉ ይሰፋል። በየስምንት ፒክስሉ የሚደጋገም ዱካ ከመጣ ደግሞ የጄፔጉ ክፍሎች ሊሆኑ ስለሚችሉ ቸኩሎ መወሰን አይገባም። ብዙ ስካነሮች ጠማማ የገባውን ወረቀት ራሳቸው ያቃናሉ፤ ያ ማሽከርከርም ራሱ ሪሳምፕሊንግ ነው። እንዲህ ሲሆን ዱካው በገጹ ሁሉ እኩል ይታያል፤ ጥርጣሬ የሚገባው አንዱ ቦታ ከሌላው ሲለይ ነው።

በሳምንት ጥቂት ሰነዶች የሚያይ ቢሮ Forensically ይበቃዋል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ ስካነር ቢያውለው ይሻላል፤ ምክንያቱም ዋናውን ወረቀት አስመጥቶ በራሱ ስካነር፣ ያለ ራስ-ሰር ማቃኛ፣ በቲፍ ወይም በፒኤንጂ ሲያነሣ የጄፔጉ ችግር ከመነሻው ይወገዳል። Amped Authenticate ዋጋውን የሚያወጣው ግኝቱ ለፍርድ ቤት የሚቀርብበትና እያንዳንዱ እርምጃ በሪፖርት ተመዝግቦ በሌላ ባለሙያ ሊደገም የሚገባበት ቦታ ነው። አስመሳዩ የተስተካከለውን ፋይል አትሞ እንደገና ስካን ካደረገው ግን የአዲሱ ስካን ኖይዝ ሁሉንም ቦታ እኩል ስለሚሸፍን፣ ሦስቱም መሣሪያዎች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ዲፕሎማውን የሰጠውን ተቋም መዝገብ ቤት መጠየቅ ነው።